ከቀኝ የተጻፈው ሦስተኛ መስመር

ሙሄዲን ሚያር የምትባል ልጅ የተፈተነችበትን የመግቢያ ፈተና ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገና «ሰባተኛ ክፍል» አለ። ልጅቷ የተፈተነችው ዘጠነኛ ለመግባት ነበር። ከወረቀቱ ግርጌ በቀይ «ቅንፍ መፍታት አታውቅም» ብሎ ጽፏል።

እዚህ ሱዳን፣ ዴም ሰፈር ባለችው ትንሽ የኢትዮጵያውያን ትምህርት ቤት ሒሳብ የምናስተምረው እኔና እሱ ነን። ሙሄዲን ፈጣን አራሚ ነው፤ በዚህም ይኮራል። እኔ ፈጣን አራሚ አልወድም።

የሚያር እናት ሁስና በሩ ላይ ቆማ ትቁነጠነጣለች። ዐማራት ሰፈር በሠራተኝነት ካለችበት ቤት አስፈቅዳ ነው የወጣችው።

«ሰባተኛ ከሆነ ኸላስ፣ በቃ ይቅር» አለች። «አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ከሕፃን ጋር አትቀመጥም። መዳም ልጅ የምትይዝላት ትፈልጋለች። ሚያርን አመጣልሻለሁ እላታለሁ።»

ሚያር መሬት መሬቱን ታያለች። አባቷ ሱዳናዊ ነው፤ እስካሁን የተማረችው በዐረብኛ ነው።

ወረቀቱን አነሣሁት።

«ተይው ሰብለ» አለ ሙሄዲን። «መልሱ አራት ነው፤ እሷ አሥራ አራት ብላለች። ምን ትፈልጊያለሽ?»

«የት ተሳሳተች?»

«ቅንፉ ላይ ነዋ። ኔጋቲቭ በኔጋቲቭ ሲባዛ። የሁሉም መቃብር እዚያ ነው።»

«አይተኸዋል ወይስ ገምተኸዋል?»

«ስንቱን አርሜያለሁ። ሳላይም አውቀዋለሁ።»

ደሜ ፈላ። ሳያይ የሚያውቅ ሐኪም ብናገኝ እንከሰዋለን፤ ሳያይ የሚያውቅ መምህር ልጅ ሁለት ክፍል ወደ ኋላ ሲጎትት ግን «ልምድ ነው» እንላለን። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ሚያር የጻፈችው ይህን ነበር፦

5 − 2(x − 4) = x + 1
5 − 2x + 8 = x + 1
1 + x = 2x − 13
14 = x

«መልሱ አራት ነው አልክ። በየመስመሩ በx ቦታ አራትን እናስገባ። ግራና ቀኙ እኩል እስከመጣ ድረስ ስህተት አልገባም።»

«ጊዜ ካለሽ» አለ።

የመጀመሪያው መስመር ግራው አምስት፣ ቀኙም አምስት ሆነ። ሁለተኛው አምስት ሲቀነስ ስምንት ሲደመር ስምንት ነው፤ አሁንም አምስት ለአምስት።

«ቅንፉን ፈትታዋለች፤ ፕላስ ስምንት። ከመቃብርህ በሕይወት ወጥታለች።»

ሙሄዲን ወንበሩን አስጠጋ።

ሦስተኛው ላይ ግራው አምስት መጣ፤ ቀኙ ስምንት ሲቀነስ አሥራ ሦስት፣ ኔጋቲቭ አምስት።

«ይኸው!» አለ። «ምልክት ስታለች። እዚህ ሆነ እዚያ ምን ለውጥ አለው?»

«13 − 2x መሆን የነበረበት 2x − 13 ሆነ። ለምን? ደግሞስ ግራውን ወደ ቀኝ ማዛወር ለምን አስፈለጋት?»

«ግራ ሲገባት።»

«እሷን ጠይቀሃታል?»

ሚያርን ጠራኋትና ሦስተኛውን መስመር እንድታነብልኝ ነገርኳት። ጣቷን ቀኝ ጫፍ ላይ አሳረፈች።

«አሥራ ሦስት ናቂስ ሁለት x» አለች፤ ጣቷ ወደ ግራ እየሄደ፤ «እኩል ነው፣ x ሲደመር አንድ።»

ናቂስ በዐረብኛ ሲቀነስ ማለት ነው። በተማረችበት መጽሐፍ እኩልታ የሚጀምረው ከቀኝ ነው።

«ከቀኝ ነው የጻፍሽው?» አለ ሙሄዲን።

«እኔ ሳስብ በዐረቢ ነው፣ ኡስታዝ። እዚህ ጋ ረሳሁ። ከዚያ ትዝ አለኝ፤ ያላ ከግራ ብዬ ቀጠልኩ።»

ከቀኝ ሲነበብ መስመሩ ልክ ነው፤ አሥራ ሦስት ሲቀነስ ስምንት አምስት ነው። ከቀኝ የጻፈችውን ከግራ አንብባ ወደ አራተኛው ስትወርድ ነው ምልክቱ የተገለበጠው።

«ድልድይ ስትሠራ ከየት በኩል ነው የጻፍሽው ብሎ የሚጠይቃት የለም» አለ ሙሄዲን።

«የለም። ስለዚህ ማርክ ጨምር አላልኩህም፤ ዜሮህን ያዝ። ያልሠራችውን ስህተት ግን አትጻፍባት። ቅንፍ የማታውቅ ልጅ ሰባተኛ ትገባለች። ይቺ ታውቃለች።»

«አንቺ እኮ ሰው ሲሳሳት ደስ ይልሻል።»

«አንተ ስትሳሳት።»

ተነሥቶ ሰሌዳው ላይ 7 − 3(x − 2) = x + 1 ብሎ ጻፈና ጠመኔውን ሰጣት። «ከግራ» አለ።

ቅንፉን ፈታች። 13 − 3x ለመጻፍ ስትነሣ እጇ ወደ ቀኝ ሄደ፤ ቆመ፤ ተመለሰ። ሁስና ከበሩ አንድ እርምጃ ገብታ ቁጥሩን ሳይሆን የልጇን እጅ ታያለች። በመጨረሻ ሚያር x = 3 ብላ ጻፈች።

ሙሄዲን ወዲያው አላመነም። ከላይ ጀምሮ በየመስመሩ ሦስትን እያስገባ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ወረደ። ከዚያ ወረቀቱ ላይ የጻፈውን በሁለት መስመር ሰረዘና «ዘጠነኛ» ብሎ ፈረመበት።

«ቅድም ልክ ነበረች ማለት ነው?» አለች ሁስና።

«አልነበረችም» አልኳት።

«ታዲያ እኔ አሁን ለመዳም ምን ልበላት?»

«ሌላ ትፈልግ በያት» አለ ሙሄዲን፣ ቀና ሳይል።