የጋሽ ፈዬራ ተራ

ዘርፉ የአዳማውን የቼዝ ክበብ ከሟቹ ጋሽ ፈዬራ ከተረከበች ሳምንቷ ነው። «መሀሉን ያዙ» አለች ለጀማሪዎቹ፤ «ፈረስ ከመሀል ስምንት ቦታ ይደርሳል፣ ከጥግ ሁለት ብቻ። መክፈቻ ላይ አንዱን ጠጠር ሁለቴ አታንቀሳቅሱ።» በቼዝ ሰሌዳው ላይ ከነጩና ከጥቁሩ ንጉሥ ፊት ያሉትን ወታደሮች ወደ መሀል ገፍታ አንዱን ነጭ ፈረስ አወጣች።

«ይሄ ሕግ የሚጣሰው መቼ ነው?» አለች ከተማሪዎቹ አንዷ፣ እንቁ።

«ከምሳ በኋላ» ብላ ዘርፉ ክፍሉን ቆለፈች።

ሲመለሱ የጥቁሩን ንጉሥ ጎን የሚጋርደው ወታደር አንድ እርምጃ ወጥቷል። ቁልፉ ከዘርፉ ኪስ አልወጣም።

«ጋሽ ፈዬራ ሊያስተምሩን ሆን ብለው ይሠሩት የነበረው ስህተት ነው» አለች እንቁ ቀስ ብላ።

ዘርፉ በዚያው ፈረስ የመሀሉን ጥቁር ወታደር በላች። «ሕግ የሚጣሰው ተጋጣሚ ንጉሡን ሲያጋልጥ ነው። ፈረሴን ቢበላ ንግሥቴ በተከፈተው ጎን ቼክ ትላለች» አለች፣ ጀርባዋን ለሰሌዳው ሰጥታ።

ተማሪዎቹ ግን የሚያዩት ከትከሻዋ ባሻገር ሰሌዳውን ነበር። ዞር ስትል ፈረሷ ተበልቷል።