ዓይኗ ነው ብለን የጻፍነው

ጉልዛር ማይ ፊደል አልቆጠረችም፤ በዚያ ቤት ግን እሷ ሳታዝ የተጻፈ ወረቀት የለም። ልጇ ባሕር ማዶ ሕንፃ ሲሠራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ቤቱን የምትመራው እሷ ናት። ምራቷ ሩቢና እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምራለችና እስክሪብቶ ትይዛለች። እስክሪብቶው ወዴት እንደሚሄድ የምትነግራት ግን አማትየዋ ናት።

መስከረም ገብቶም የከተማቸው የሙልታን ሙቀት አልበረደም። የሩቢና ልጅ ሱምብል አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። በወር ሁለቴ ያህል ከዓይኗ ፊት እንደ መጋዝ ጥርስ ያለ ብርሃን ይብለጨለጭባታል። ከዚያ ግማሽ ጭንቅላቷን ይወቅራታል፣ ያስመልሳታል፣ ድምፅና ብርሃን ያስጠላታል። የመንግሥት ሆስፒታሉ ሐኪም መርምሯት፣ ማይግሬን ነው፣ በዘር የሚመጣ ነው፣ አደገኛ ነገር አላገኘሁም አለ። ትምህርት ቤት ምን እንደሚያስፈልጋት ጽፎ ማኅተም መታበትና፣ «ለአስተማሪዋ ደብዳቤ ጻፊ» ብሎ ለሩቢና ሰጣት።

«ማይግሬን ብለሽ እንዳትጽፊ» አለች ጉልዛር።

«ሐኪሙ ያለው እኮ እሱን ነው፣ አማ።» ሩቢና አማቷን እንደ እናት «አማ» ነው የምትላት።

«ሐኪሙ ልጅ አይድርልሽም። የአስተማሪዋ የባሏ እህት ማን እንደሆነች ጠፋሽ? ባኖ ናት፤ ቤት ለቤት እየዞረች ሙሽራ የምታፈላልገዋ። ዛሬ ራሷን ያማታል በይ፣ ነገ ሠፈሩ የጉልዛር የልጅ ልጅ ጭንቅላቷ ልክ አይደለም ይላል።»

«ታዲያ ምን ልበላቸው?»

«ዓይኗ ይደክማል በይ። ዓይን የደከመው ሁሉ ይዳራል፤ አባትሽ ራሱ በመነጽር አይደል ያገባው?»

ሩቢና እያቅማማች ጻፈች። የሐኪሙን ወረቀት አጥፋ ከሣጥኑ ሥር ከተተችው።

አስተማሪዋ ሚስ ተህሲን ደግ ሴት ናት፤ የተባለችውን አደረገች። ዓይኗ ለደከመ ልጅ የሚደረገውን ማለት ነው። ሱምብልን ከኋላ አንሥታ የመጀመሪያው አግዳሚ ላይ፣ ከመስኮቱ ሥር አስቀመጠቻት። የግቢው ፀሐይ ከነጩ ግንብ እየተመለሰ ፊቷ ላይ ይወድቃል። ከአናቷ ላይ ያለው ረጅሙ አምፖል መብራት ሲሄድና ሲመጣ ይርገበገባል። በወር ሁለቴ የነበረው ሕመም በሁለት ሳምንት አራቴ መጣ።

«መስኮቱን ዝጉልኝ አትያትም?» ጉልዛር ሱምብልን አለቻት።

«እንዴት ልበላት፣ ዳዲ? እሷ እኮ ብርሃን እየሰጠችኝ ነው።» አያቷን «ዳዲ» ነው የምትላት።

 

በዚያ አገር ትምህርት የሚጀመረው በሚያዝያ ነውና የመንፈቁ ፈተና ደረሰ፤ የሒሳቡ ዕለት የመጋዙ ብርሃን መጣ። ሱምብል እጇን አወጣች። ሚስ ተህሲን፣ «ዓይንሽን ጨፍነሽ ጥቂት አሳርፊና ቀጥዪ» አለቻት። ልጅቷ ጨፈነች፤ ስትገልጥ ወረቀቱ ላይ አስመለሰች። ርእሰ መምህሯ ሩቢናን በስልክ አስጠርታ፣ «ስድሳ አንድ ልጅ ባለበት ክፍል የማታይ ልጅ ምን አደርጋታለሁ? ዘንድሮ ቤት ትቀመጥና ዓይኗ ሲድን ትመለስ» አለቻት።

ሩቢና ይህን እያለቀሰች ለአማቷ ነገረቻት። ጉልዛር ሰምታ ወደ ጨለማው ክፍል ገባች። መጋረጃው ተጋርዷል፤ ልጅቷ እርጥብ ጨርቅ ግንባሯ ላይ አድርጋ ተኝታለች።

«ዳዲ፣ ከትምህርት ቤት አስወጡኝ?»

«ማን አባቱ ያስወጣሻል? ተኚ።»

አፏ እንዲህ አለ እንጂ ሆዷ አላመነም። ለአንድ ዓመት ብላ ቤት የቀረች ልጅ ስትመለስ አይታ አታውቅም። እሷም ራሷ አልተመለሰችም። በልጅነቷ ትምህርት ቤት የሄደችው ሁለት ወር ነው። ያው የመጋዝ ጥርስ ከዓይኗ ፊት መጣና ወደቀች፤ ጂኒ ነው ብለው ግንባሯን በሻሽ ጠፍረው ትድናለች ብለው ከአንድ ቅዱስ ሰው መቃብር ደጅ አሳደሯት፤ በቃ፣ ቀረች። ከአማቷ ደበቀችው፣ ከባሏ ደበቀችው፣ ስድስት ልጅ ስትወልድ ደበቀችው። ሐኪሙ «በዘር ነው፤ ከቤታችሁ ማንን ያማል?» ሲል ሩቢና «ማንንም» ብላለች። ጉልዛር አጠገቧ ነበረች፤ ያን ቀንም ደበቀችው።

ወጥታ፣ «እስክሪብቶሽን አምጪ» አለች።

«ምን ልጽፍ?»

«እውነቱን። ከሣጥኑ ሥር ያለውን ወረቀትም አውጪ። እየጻፍሽ አንብቢልኝ።»

ሩቢና እየጻፈች አነበበች፦

«ለተከበሩ ሚስ ተህሲን። ባለፈው የልጄ ዓይን ይደክማል ብዬ የጻፍኩት ሐሰት ነው። ልጄ ማይግሬን አለባት። አስመስላ አይደለም፤ ሰነፍ ሆናም አይደለም። እባክዎ ከመስኮቱና ከሚርገበገበው አምፖል ራቅ አድርገው፣ በግድግዳው በኩል ያስቀምጧት። የጠዋት ሰልፍ ላይ ጥላ ውስጥ ትቁም። በክፍል ውስጥ ውኃ ትጠጣ፤ የምሳዋ ሰዓት አይለፍባት፣ ረሃብ ያስነሣባታል። ብርሃኑ መብለጭለጭ ሲጀምር ከዚህ ጋር የላክሁላትን ቀይ ካርድ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጣለች፤ ያን ጊዜ መናገር ይከብዳታል። ማስታገሻው ወዲያው ሲወሰድ ነው የሚሠራው፤ ሐኪሙ ያዘዘውን ከነመጠኑ ልኬያለሁ፣ ከመሳቢያዎ ይቀመጥ። በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ እንዳትወስድ፣ የሰጡበትን ቀን ይጻፉልኝ። ከዚያ ጨለም ባለ ክፍል ትተኛ፤ ሲሻላት ትመለሳለች። ያመለጣትን ትምህርት ከጓደኛ ደብተር ትገልብጥ፤ ለፈተና ያረፈችበት ሰዓት ይጨመርላት። ድንገት ከወትሮው የተለየ ከባድ ሕመም ከያዛት፣ ወይም እጅና እግሯ ከደከመ፣ ሳይዘገዩ ሆስፒታል ይውሰዷትና ይደውሉልኝ።»

«አያቷንም ያማታል ብለሽ ጨምሪ» አለች ጉልዛር።

ሩቢና እስክሪብቶዋ ቆመ። «እርስዎን?»

«ጻፊ አልኩሽ። ቀለሙንም ስጪኝ።»

«የሚፈርመው ወላጅ ነው፣ አማ።»

«አንቺ ፈርሚ። ውሸቱን ያስጻፍኩት እኔ ነኝ፣ የጣቴ አሻራ ይግባበት።»

በማግስቱ ሁለቱ በባለ ሦስት እግር ሪክሻ ትምህርት ቤት ሄዱ። ሚስ ተህሲን ደብዳቤውን ሁለቴ አነበበች።

«እማማ፣ ለምን ዓይን ነው አላችሁኝ?»

«የባልሽን እህት ፈርቼ።»

አስተማሪዋ ፊቷ ቀላ። «ከመስኮት ሥር ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ። እንደ ውለታ ቆጥሬው።»

«በጻፍንልሽ ነው የሄድሽው። ያንቺን ጥፋት ሌላ ቀን እንፈልግልሻለን።»

ርእሰ መምህሯ የሐኪሙን ማኅተም አገላብጣ አየች። ሐሙስ ሒሳቡን ትድገመው፣ ካለፈች ትቀጥላለች፤ ደብዳቤው ግን ከመዝገቧ ይገባል፣ መምህራን ሁሉ ያነቡታል አለች። ሩቢና አማቷን አየቻት።

«ይነበብ» አለች ጉልዛር።

ሐሙስ ዕለት ከትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ ከዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጣ ጠበቀች። ባኖ ገበያ ስትሄድ አየቻትና ቆመች።

«እንደምን ነሽ፣ እናቴ? ልጅቷን ራሷን ያማታል አሉ።»

«አዎ፣ ያማታል። እኔንም ያመኛል። ሌላስ ምን አሉ?»

«ኧረ ምንም። አላህ ይማራት። ለልጅቷ ትዳር ብዬ የነገርኩሽ የዘይት ነጋዴው ቤት እንኳ…»

«ልጅቷ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። መንገድሽን ሂጂ።»

ባኖ ሄደች።  ይቺ ሴት ሳይመሽ ወሬውን ለሠፈሩ እንደምታዳርሰው ጉልዛር ታውቃለች። ሩቢና ደግሞ ነገ የሚዳሩ ሌሎች ሁለት ሴት ልጆች አሏት።

ደወል ተደወለ። ልጆቹ ግር ብለው ወጡ፤ ሱምብል የለችም። በሩ ባዶ ሆነ፤ ዘበኛው አንዱን መዝጊያ ዘጋ። አሮጊቷ ተነሥታ ቆመች። ከብዙ ቆይታ በኋላ ልጅቷ በእጇ ፀሐዩን ከልላ፣ ፊቷ ነጥቶ፣ በግንቡ ጥግ ብቅ አለች።

«መጣብሽ?»

«አራተኛው ጥያቄ ላይ። ካርዱን አስቀመጥኩ። ሚስ ተህሲን መድኃኒቱን ሰጠችኝ፣ ዕቃ ቤት ምንጣፍ አንጥፋ አስተኛችኝ። ከዚያ ሰዓቴን ጨመረችልኝ።»

«ጨረስሽው?»

«የመጨረሻዋ ቀረች። ታሳልፈኝ ይሆን፣ ዳዲ?»

ጉልዛር አላወቀችም፤ አውቃለሁም አላለችም። የራሷን ሻሽ አውልቃ የልጅቷን አናት ጋረደችላትና፣ ራሷ በፀሐዩ በኩል ሆና ይዛት ሄደች።