የዘጠና ሦስት ከመቶ ቃለ ጉባኤ

አረጋውያንን የሚንከባከቡ ባለሙያዎች በሚሠለጥኑበት አንድ ኮሌጅ ውስጥ የሚያስተምር ወጣት መምህር ነበር። ሥራውን ይወዳል፣ ተማሪዎቹንም ይወዳል፤ መታለልን ግን አጥብቆ ይጠላል። ባለፈው መንፈቅ አንድ ተማሪ ኮምፒውተር የጻፈለትን ሪፖርት ሰጥቶት፣ እሱም «ግሩም ነው፣ በርታ» ብሎ ከጻፈበት በኋላ ነበር ጉዱን የሰማው። ያቺ «በርታ» እስካሁን ስታንገበግበው ትኖራለች።

ስለዚህ በዚህ መንፈቅ ሊጠነቀቅ ቆርጧል። ኮሌጁ ጽሑፍ ሲገባበት «ይህንን የጻፈው ሰው ነው ወይስ ማሽን» ብሎ የሚገምት ፕሮግራም አስገብቶ ነበርና፣ የሃያ ሁለቱንም ተማሪዎች ሪፖርት አንድ በአንድ ጨመረበት። ሪፖርቱ ቀላል ነው፦ አረጋውያን ማረፊያ ሦስት ቀን ሂዱ፣ አንድ ነዋሪ ተንከባከቡ፣ ያያችሁትንና ያደረጋችሁትን በሦስት ገጽ ጻፉ። የሃያ አንዱ ውጤት አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። የአንዷ ግን ቀላ፤ ዘጠና ሦስት ከመቶ።

የሪፖርቱ ባለቤት የክፍሉ ትልቋ ተማሪ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ሃምሳ አራት። እዚህ ከመግባታቸው በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ሲይዙ ኖረዋል። ልጆቹ ስማቸውን ትተው «ቃለ ጉባኤ» ይሏቸዋል፤ እሳቸውም ተቀየሙ አልተባለም። እንዲያውም የቡድን ሥራ ሲኖር ማን ምን እንደተናገረና ማን አርፍዶ እንደመጣ ጽፈው ያነቡላቸዋል።

መምህሩ ያችን ቀይ ቁጥር እንዳያት የዲሲፕሊን ቅጹን አወጣና መሙላት ጀመረ። በመምህራን ክፍል ውስጥ የነበረችው የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ብቻ ነበረች። የሻይ ኩባያዋን እያጠበች ገልመጥ አደረገችው።

«ምን እየሞላህ ነው? ፊትህ የዳኛ ፊት መስሏል።»

«ቃለ ጉባኤ ተያዙ፣ እትዬ። ዘጠና ሦስት ከመቶ።»

«እሳቸው ምን አሉ?»

«ስለምኑ?»

«ስለ ጽሑፋቸው ነዋ።»

«ገና አልጠየቅኳቸውም። ዘጠና ሦስት እኮ ነው የምልሽ።»

ኃላፊዋ ኩባያዋን ደፍታ ወንበር ሳበች። «አንድ ተማሪህ ቴርሞሜትር ብቻ አይቶ፣ ሰውየውን ሳያናግር፣ መድኃኒት ልስጥ ቢልህ ምን ትለዋለህ?»

«መጀመሪያ ሕመምተኛውን ጠይቅ እለዋለሁ።»

«አየህ፣ ስታስተምር ጎበዝ ነህ።»

መምህሩ ሳቅ ሊያመልጠው ሲል ያዘው። እሷ ግን ቀጠለች። ፕሮግራሙ ማን እንደጻፈ አላየም፤ የሚያየው ከአንድ ቃል ቀጥሎ የሚመጣው ቃል ምን ያህል የሚገመት እንደሆነና ዓረፍተ ነገሮቹ ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ ነው። የተለመደና የተስተካከለ አጻጻፍ ያለው ሰው፣ በቢሮ ቋንቋ የሚጽፍ ሰው፣ አፉን ባልፈታበት ቋንቋ የሚጽፍ ሰው፣ ሳያጠፋ ይያዛል። በእኛ ቋንቋ ደግሞ ገና በቅጡ አልተፈተነም።

«ዘጠና ሦስት ማለት ዘጠና ሦስት እጅ አጭበርብረዋል ማለት አይደለም። ‹ብቻውን ማስረጃ አይሆንም› ተብሎ መመሪያው ላይ ተጽፏል፤ የሚያነበው ጠፋ እንጂ።»

«ታዲያ ዝም ልበል?»

«ማን ዝም በል አለህ? ጠቋሚ ነው፤ ጠቆመህ፣ አንተ ደግሞ ሂድና አጣራ። ጥራቸው። ማስታወሻቸውን ይዘው ይምጡ። ውጤቱን አትደብቅባቸው፣ ግን ክስ አታድርገው። ስለ ሠሩት ሥራ ጠይቃቸው። ቢደነግጡ ደግሞ መደንገጣቸውን እንደ ማስረጃ እንዳትቆጥር። እኔ ራሴ ዲኑ ሲጠሩኝ ያላጠፋሁት ጥፋት ሁሉ ነው ትዝ የሚለኝ።»

«እሺ።»

«ሌሎቹንም ጥራ። ሃያ ሁለቱንም፣ አሥር አሥር ደቂቃ። አለዚያ ከአንተ ቢሮ የወጣ ሁሉ ሌባ ነው ተብሎ ይወራል።»

አሥር ደቂቃ በሃያ ሁለት ሲባዛ ስንት ሰዓት እንደሚሆን አስቦ መምህሩ ተነፈሰ። ቅጹን ግን አልቀደደውም፤ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠው።

ማክሰኞ ጠዋት ቃለ ጉባኤ ከቀጠሮው አምስት ደቂቃ ቀድመው መጡ። ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ፣ መነጽራቸውን አወጡ፣ ደብተር ገለጡ፣ ቀን ጻፉ።

«ምን እየጻፉ ነው?» አለ መምህሩ።

«ቃለ ጉባኤ ነዋ። ስብሰባ ጠርተውኝ የለ?»

«ስብሰባ እንኳ አይደለም፤ እንዲሁ ልንወያይ ነው።»

«ውይይትም ቃለ ጉባኤ አለው፣ መምህር» አሉና ሰዓቱን አስገቡ። በዕድሜ ልጃቸው ይሆናል፤ እሳቸው ግን በመሥሪያ ቤት ወግ «እርስዎ» ከማለት ፍንክች አይሉም።

መምህሩ በልቡ ሲያነበንበው ያደረው ንግግር ሁሉ ጠፋበት። እንደምንም ብሎ ነገሩን ነገራቸው፦ ፕሮግራሙ ዘጠና ሦስት እንዳለ፣ ይህ ብቻውን ምንም እንደማያረጋግጥ፣ ሁሉንም ተማሪ እያነጋገረ እንደሆነ።

«ዘጠና ሦስት ጥሩ ውጤት ነው?» አሉ በተስፋ።

«አይ… የማሽን ጽሑፍ ይመስላል ማለቱ ነው።»

እስክሪብቷቸው ቆመ። መነጽራቸውን አውልቀው በአንድ እጃቸው ያዙት፣ መስኮቱንም አዩት። መምህሩ የራሱን ጫማ ማየት ጀመረ።

«የመሥሪያ ቤቱ ቃለ ጉባኤ ሁሉ እንዲህ ነበር የሚጻፈው» አሉ። «እነዚህ ማሽኖች መጻፍ የተማሩት ሰው ከጻፈው ነው አይደል የሚባለው? ታዲያ እኔ ከነሱ ቀዳሁ ወይስ እነሱ ከእኔ?»

መምህሩ ሪፖርቱን አወጣ። «እስቲ ስለተንከባከቧቸው ሰውዬ ይንገሩኝ» አለ። «ወረቀቱን ይተዉት።»

ሪፖርቱ ላይ የሰውየው መታጠብ የተጻፈው በአንድ መስመር ነው፦ «ነዋሪው ገላቸውን ለመታጠብ ፈቃደኛ ባለመሆናቸው አስፈላጊው የማግባባት ሥራ ተሠርቷል።» በአፋቸው ሲናገሩት ግን ሌላ ሆነ። ሰውየው የቀድሞ ፀጉር አስተካካይ ናቸው። የመጀመሪያ ቀን «ማን ነሽ አንቺ» ብለው አባረሯቸው። ሁለተኛ ቀን ቃለ ጉባኤ ክፍሉ ቀዝቃዛ መሆኑን ልብ አሉና መስኮቱን ቀድመው ዘጉ። ሦስተኛ ቀን የሰውየውን ትከሻ በፎጣ ሸፈኑላቸው፣ ልብሳቸውን ሁሉ በአንዴ ከማውለቅ በየተራ እያደረጉ፣ ውኃውን መጀመሪያ በእጃቸው እንዲነኩትና «ይበቃል» የሚሉትን ሙቀት ራሳቸው እንዲመርጡ አደረጉ።

«ፀጉራቸውን ሳጥብ አለቀሱ» አሉ። «የሰው ጭንቅላት ሲያጥቡ ኖረው፣ የእሳቸውን ማንም አጥቦላቸው አያውቅም ለካ።»

«ይህ ሁሉ ሪፖርቱ ላይ የለም እኮ!»

«ቃለ ጉባኤ ላይ ማን አለቀሰ ተብሎ አይጻፍም፣ መምህር። የተወሰነው ነው የሚጻፈው።»

ደብተራቸውንም ሰጡት። የሦስቱ ቀን ማስታወሻ በእርሳስ ተሞልቷል፤ የተሰረዘ፣ ቀስት የተሳለበት፣ ጥግ ላይ «ፎጣ ሁለት!!» የሚል። በእጃቸው የጻፉትን ሪፖርት ልጃቸው ኮምፒውተር ላይ እንደገለበጠችላቸውና የፊደል ግድፈቱን ኮምፒውተሩ እንዳረመላት ሳይጠየቁ ተናገሩ። ያ ደግሞ በትምህርቱ ደንብ የተፈቀደ ነው። መምህሩ ማስታወሻውንና ሪፖርቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ሲያነብ፣ ዓረፍተ ነገሩ ከዚያ ሥርዝ ድልዝ ውስጥ እንዴት እየተወለወለ እንደወጣ ቁልጭ ብሎ ታየው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። «ቅጽ መሙላት ጀምሬ ነበር።»

«ይመዝገብ?»

«ይመዝገብ።»

ከዚያ አንብበው አሰሙት። «መምህሩ በመሣሪያው ላይ ከልክ በላይ ተማምነው እንደነበር አምነዋል» የሚለው ላይ ሲደርሱ መምህሩ ጉሮሮውን ጠረገ፣ «ከልክ በላይ» የምትለዋ ትቅር ብሎም ለመነ። እሳቸው አሰቡበት፤ አልተቀበሉትም። ፈረመ።

ሐሙስ የሳቂታው ተራ ሆነ። ሳቂታው፣ ከአፉ ሳቅ የማይጠፋው ወጣት፣ የክፍሉ ተወዳጅ ነው፤ ውጤቱም ስድስት ከመቶ ብቻ ነበር። ግማሽ አካላቸው ስለማይታዘዝላቸው አንዲት እናት የጻፈው ሪፖርት መምህሩን ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር ነክቶት፣ ለባልደረቦቹ ጮክ ብሎ አንብቦላቸዋል። ስለዚህ ይሄኛውን በሁለት ደቂቃ ልጨርሰው ብሎ ነው የተቀመጠው።

«ሹራባቸውን ስታለብሳቸው ከየትኛው እጅ ጀመርክ?»

«ከ… ከደህነኛው።»

ሪፖርቱ ላይ ያለው ከደካማው እጅ እንደጀመረ ነው፤ ትክክሉም እሱ ነው። መምህሩ ግን አልተጣደፈም፤ ሰው ይረሳል፣ ይደነግጣልም። ስለ ክፍላቸው ጠየቀው፣ ምን እንዳሳቃቸው ጠየቀው፣ በመጨረሻም ማስታወሻውን እንዲያሳየው ጠየቀው። ሳቂታው በየጥያቄው መሐል ሳቀ፤ ሳቁ እያጠረ ሄዶ አለቀ።

«አንድ ቀን ብቻ ነው የሄድኩት» አለ አንገቱን ደፍቶ። «አክስቴ ሃያ ዓመት ነርስ ነበረች። እሷ ነች… ግን መምህር፣ ሰው ነው የጻፈው።»

«እሱንማ ፕሮግራሙም መስክሮልሃል» አለ መምህሩ።

ከሰዓት በኋላ ለኃላፊዋ ሲነግራት ወንበሯን ይዛ ሳቀች። «ያስለቀሰችህ አክስቱ ናት በለኛ!» ከዚያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ቁም ነገሩን አወሩ። ልጁ እውነቱን ራሱ ተናግሯል፤ የመጀመሪያ ጥፋቱም ነው። ሪፖርቱ እንዲሰረዝ፣ ያልሄደባቸውን ሁለት ቀናት እንዲሄድ፣ በገዛ እጁ እንዲጽፍ ወሰኑ። ውሳኔውንም ጠርተው ፊት ለፊት ነገሩት።

በሁለት ሳምንት ውስጥ አዲሱ የሳቂታው ሪፖርት መጣ። የአክስቱን ያህል አያስለቅስም፤ ገጽ ተኩልም ይጎድለዋል። ሹራቡ ግን ከደካማው እጅ ተጀምሯል፤ እናትየዋም «ልጄ፣ ቀስ በል፣ ባቡር አላመለጠህም» ብለውታል። መምህሩ ሥሩ ላይ ሁለት ጥያቄ ጻፈበት፤ «በርታ» ለማለት ግን ገና አልደፈረም።

ቃለ ጉባኤም በአፋቸው የነገሩትን እንዲጽፉበት መምህሩ የፈቀደላቸውን አንድ ገጽ ጨምረው ሪፖርታቸውን መለሱ፤ ፎጣውም፣ ውኃውም፣ እንባውም ገባ። መምህሩ ከመቶ ሰማንያ ስድስት ሰጣቸው። በማግሥቱ ጠረጴዛው ላይ በሦስት ነጥብ የተከፋፈለ፣ ቀንና ፊርማ ያለበት አቤቱታ አገኘ። ሁለቱ ነጥቦች አላሳመኑትም። ሦስተኛው ግን ልክ ነበር፤ ራሱ ባስተማረው መሠረት የውኃውን ሙቀት በነዋሪው ማስመረጥ ሁለት ማርክ ነበረው፣ አልሰጣቸውም።

እስክሪብቶውን አነሳ፤ ሰማንያ ስድስቱን ሰርዞ ሰማንያ ስምንት አለው። ስለቀሩት ሁለት ነጥቦች ደግሞ ዓርብ ጠዋት መጥተው እንዲያነጋግሩት ቀጠሮ ላከላቸው።