በፎቶ የተነበበው የስኳር መድኃኒት

በመሪጌታ መርስዔ ኀዘን ቤተሰብ ርሆቦት «ሐኪማችን» ትባላለች። ሐኪም ግን አይደለችም። ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ፋብሪካ የግዥ ክፍል የምትሠራ፣ እንግሊዝኛ ደህና አድርጋ የምታነብ ሴት ናት። ቁንዝላ ያሉት ዘመዶቿ መድኃኒት እጃቸው በገባ ቁጥር ካርቶኑን ፎቶ አንሥተው በቴሌግራም ይልኩላታል፤ እሷም «ይህ የጨጓራ ነው»፣ «ይህ የሳል ነው» እያለች ትመልሳለች። ስሙን ያወጣላት ወንድሟ ገድሉ ነበር፤ ለቀልድ ብሎ። እሷ ግን እያደር ቀልድነቱን ረሳችው።

የፍልሰታ ጾም እንደ ገባ የአባቷ የስኳር መድኃኒት ከጤና ጣቢያው ጠፋ። መሪጌታ ሜትፎርሚን የሚባለውን ክኒን ሲወስዱ ዓመታት አልፈዋል፤ እየጾሙም ወስደውት ምንም ሆነው አያውቁም። ጾሙን ተዉ ቢባሉ የሚሰሙ ሰው አይደሉም። መድኃኒቱ መጥፋቱን የሰማች አንዲት ጎረቤት ግን ያልተከፈተ ካርቶን ይዛ መጣች። «የሟቹ ባለቤቴ ነው፤ እሱም ስኳር ነበረበት። ከሚጣል ይውሰዱት» አለች።

ካርቶኑን የተቀበለችው የገድሉ ሚስት የሻሽወርቅ ናት። መሪጌታ የሚኖሩት ከነሱ ጋር ስለሆነ ምግባቸውንም መድኃኒታቸውንም የምትይዘው እሷ ነበረች። ካርቶኑ የድሮውን አይመስልም። ደጅ ወጥታ ፀሐይ ላይ ያዘችና ፎቶ አንሥታ ለርሆቦት ላከችላት።

ፎቶው የደረሰው ርሆቦት ስብሰባ ላይ እያለች ነው። ስልኩን ከጠረጴዛው በታች አድርጋ አየችው። ከላይ በትልልቅ ፊደል የማታውቀው የንግድ ስም አለ። ከሥሩ የፀሐዩ ነጸብራቅ አንድ መስመር በልቶ ነጭ አድርጎታል። ከነጩ በታች በደቃቅ ጽሕፈት «ሜትፎርሚን» የሚል ቃል አገኘች፤ አጠገቡም 500 የሚል ቁጥር። አባቷ የሚወስዱትም ይኸው ነው። ነጩ ውስጥ ምን እንደ ተጻፈ አልጠየቀችም፤ ሌላ ፎቶ ላኪልኝም አላለችም።

«ያው ነው፤ የተለየው ስሙ ብቻ ነው። እንደ በፊቱ ይውሰዱት» ብላ ጻፈች።

የሻሽወርቅ ወዲያው መለሰች። «እዚህ መድኃኒት ቤት ላሳየው ወይ? መጠየቅ አይከፋም ብየ ነው።»

ርሆቦት ጽሑፉን ስታይ ቅር አላት። ያላመነቻት መሰላት። «እኔ አይቼው የለ እንዴ? እነሱስ ከዚህ የተለየ ምን ሊሉሽ ነው?» አለቻት። የሻሽወርቅም ካርቶኑን ከፈተችው።

መሪጌታ አዲሱን ክኒን እንደ ድሮው አንዱን ከቅዳሴ ወጥተው ሲበሉ፣ ሌላውን ከመኝታቸው በፊት ይወስዱት ጀመር። ትንሽ ቀን እንደ ቆየ ሰውየው ተለወጡ። በጧት ላብ ያጠምቃቸዋል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ቤተ ክርስቲያን ቆመው ዜማ ይስታሉ፤ እሳቸው ሌላውን የሚያርሙ ሰው ነበሩ። ሰው ሁሉ «ጾሙ ነው፤ እርጅናም አለ» አለ። አንድ ቀን በቅዳሴ መካከል መቋሚያቸው ከእጃቸው ወደቀ፤ እሳቸውም ተከተሉት።

ጤና ጣቢያው ጣታቸውን ወግቶ ደማቸውን ሲለካ ስኳሩ እጅግ ወርዶ ተገኘ። በደም ሥራቸው ግሉኮስ ሲሰጣቸው ነቁ፤ ሰው ለዩ፤ ውኃ ጠየቁ። ቤተሰቡ እፎይ ባለ ጥቂት ጊዜ ውስጥ ግን እንደገና ተዝለፈለፉ። ይኼኔ በአምቡላንስ ባሕር ዳር ወዳለው ሆስፒታል ተላኩ።

ርሆቦት ከሥራ በባጃጅ ስትደርስ አባቷ አልጋ ላይ ናቸው፤ ግሉኮሱ ይንጠባጠባል። ገድሉ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። የሻሽወርቅ ነጠላዋን አገጯ ድረስ ስባ እግራቸው ሥር ተቀምጣለች። በክፍሉ የሚሠራው ፋርማሲስት፣ ሕዝቅኤል የሚባል ረጋ ያለ ሰው፣ መሪጌታ ቤት ውስጥ የሚወስዱት መድኃኒት ሁሉ ይምጣልኝ ብሎ ኖሮ ያን ካርቶን በእጁ ይዞ ያገላብጠዋል።

«ይህን ማን አዘዘላቸው?»

ገድሉ «ማንም አላዘዘም፤ ከጎረቤት ነው የመጣው። ከድሮው ጋር አንድ ነው ተብሎ ነው» አለ።

«አንድ አይደለም» አለ ሕዝቅኤል። ካርቶኑን ወደ እነሱ አዙሮ በጣቱ አሳያቸው። «ይህ ትልቁ ጽሑፍ ኩባንያው ያወጣለት ስም ነው። መድኃኒቱን የሚነግረን እሱ አይደለም፤ ከሥሩ ያለው ትንሹ ጽሑፍ ነው። እዩት፣ ሁለት ስም አለው። ሜትፎርሚን አምስት መቶ ሚሊግራም፤ ከሱ በላይ ደግሞ ግሊቤንክላሚድ አምስት ሚሊግራም። አንዷ ክኒን ሁለት መድኃኒት ይዛለች።»

ርሆቦት አንገቷን አስግጋ አየች። ፎቶው ላይ ነጭ የነበረው ቦታ እዚህ ላይ በጥቁር ቀለም ተጽፏል። አምስቱ ከአምስት መቶው በፊት በግልጽ ቆሟል። 

«ሜትፎርሚን ብቻውን ሲጾሙ እንኳ ስኳርን ይህን ያህል አይጥልም፤ ጥሎም የሚያውቀው ከስንት አንዴ ነው» ሲል ቀጠለ። «ግሊቤንክላሚድ ግን ቆሽትን ኢንሱሊን አውጣ እያለ ይገፋዋል፤ ሰውየው በላ አልበላ አይልም። እሳቸው ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። በዚያ ላይ ኩላሊታቸው ደከም ብሏል፤ መድኃኒቱ ቶሎ አይወጣላቸውም። ነቅተው እንደገና የወደቁትም ለዚህ ነው። ስለዚህ ዛሬ ዐይናችንን ከሳቸው አንነቅልም።»

«ፎቶው ጥሩ ሆኖ... ሁለቱም ስም ቢነበብስ ኖሮ?» አለች ርሆቦት። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

ሕዝቅኤል ምን ፎቶ ነው አላላትም። «ምን እንደ ሆነ ይታወቅ ነበር፤ ያም ትልቅ ነገር ነው። ለሳቸው መስማማቱ ግን ካርቶን ላይ አይጻፍም። ካርቶኑ ዕድሜያቸውን አያውቅም፣ መጾማቸውን አያውቅም፣ የኩላሊታቸውን ምርመራ አላየም። ፋርማሲስት የሚጠይቀው ይህን ነው። እኔም ካርቶኑን ብቻ አይቼ ቢሆን ኖሮ ይስማማቸዋል አልልም ነበር። የድሮውን ሜትፎርሚን እንኳ በዚህ ኩላሊት መጠኑን እንደገና ማየት አለብን፤ ከሐኪማቸው ጋር እነጋገርበታለሁ።» ከዚያ ብዕሩን አወጣ። «ለመሆኑ አንድ ነው ያለው ማን ነው? መጻፍ ስላለብኝ ነው እንጂ ለወቀሳ አይደለም።»

ርሆቦት ወደ አባቷ ዞራ ብርድ ልብሳቸውን ሳበች።

«የሰጠኋቸው እኔ ነኝ» አለች የሻሽወርቅ ወለሉን እያየች።

ሕዝቅኤል ጽፎ ወጣ። ገድሉ ሚስቱ ላይ ዞረ። «ዐይንሽ የት ነበር? ሰው ምን እንደሆነ ያላወቀውን ይሰጣል? አባቴን ልትገድይብኝ ነበር እኮ!» አጠገባቸው ያሉት አስታማሚዎች ዘወር ብለው አዩ። ርሆቦት «ውኃ ላምጣ» ብላ ወጣች።

ግቢው ውስጥ ከአንድ ዛፍ ሥር ቆመች። ውኃ አልገዛችም። ስልኳን ከፍታ ጽሑፎቹን አየች፤ «ያው ነው» የሚለው አለ፤ «መጠየቅ አይከፋም ብየ ነው» የሚለውም አለ፤ የራሷ መልስም ከሥሩ አለ። ስታነበው የሌላ ሰው ትዕቢት የምታነብ መሰላት፤ ግን የእሷው ነበር። ከቢሮዋ ሕንፃ ምድር ቤት መድኃኒት ቤት አለ። በየቀኑ በበሩ ታልፋለች። ወርዳ ብትጠይቅ ምን ይቀርባት ነበር? የሚቀርባት «ሐኪማችን» መባል ብቻ ነበር።

ጣቷ ጽሑፉ ላይ ቆየ። ስልኩ «ጽሑፉ ከሁለታችሁም ዘንድ ይጥፋ ወይ?» ብሎ ጠየቃት።

«ብታጠፊውም እኔ አንብቤዋለሁ» አለ አንድ ድምፅ ከኋላዋ።

የሻሽወርቅ ናት፤ ባዶ የውኃ ጠርሙስ ይዛለች። ርሆቦት ስልኩን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች።

«ለገድሉ ለምን አልነገርሽውም?» አለች በመጨረሻ።

«አንቺ ትናገሪያለሽ ብየ ጠበቅሁ። ክኒኑን እየቆጠርሁ በእጃቸው ያኖርሁ እኔ ነኝ፤ ጥፋት የለብኝም አልልም። ግን ልጠይቅ ብየሽ ነበር።» በቁጣ አልተናገረችውም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻል ነበር። ጠርሙሱን ቧንቧው ሥር ደቅና ውኃው ሲሞላ ታይ ጀመር።

ርሆቦት ጽሑፉን አላጠፋችውም። ወደ ክፍሉ ተመልሳ ስልኩን ገድሉ እጅ ላይ አኖረችው። «አንብበው» አለችው። አስታማሚዎቹ አሁንም እዚያው ናቸው፤ ውጭ ልንገርህ ልትለው አስባ ነበር፣ ግን ሚስቱን የሰደበው በነሱ ፊት ነው። «እሷ መድኃኒት ቤት ላሳየው አለችኝ። አያስፈልግም ያልኋት እኔ ነኝ። ፎቶው ላይ የማይታይ መስመር ነበረ፤ አይቼ እንዳላየሁ አለፍሁት።»

ገድሉ አነበበ። ሁለተኛም አነበበ። ስልኩን መለሰላትና ሚስቱን ፍለጋ ወጣ። ርሆቦትም ሕዝቅኤልን ፈልጋ ያንኑ ደገመችለት። እሱ «ጥሩ፤ አስተካክየ እጽፈዋለሁ» አላት።

በማግስቱ የመሪጌታ ስኳር ተረጋጋ። ሲነቁ ነገሩን ከሷው አፍ ሰሙ።

«እኔ ተማሪ ሳለሁ ንባብ የለየ ልጅ ሁሉ መምህር የሆነ ይመስለው ነበር» አሉ በደከመ ድምፅ። «ንባቡን ይዘሽ ትርጓሜውን ከመምህር እግር ሥር ትጠይቂያለሽ እንጂ...» አልጨረሱትም። «እኔም ልጹም አልጹም የሚለውን ሐኪም ሳልጠይቅ ነው የኖርሁት። በይ አታልቅሺ፤ ሰው ያይሻል።»

ከሆስፒታል ሲወጡ ሕዝቅኤል መጠኑ የተቀነሰውን ሜትፎርሚን፣ አወሳሰዱን ለየሻሽወርቅ እየነገረ፣ በእጇ ሰጣት፤ መልሳ እንድትነግረውም አደረገ። የተረፈውን የጎረቤት መድኃኒት እዚያው አስቀረው። መሪጌታ ለነፍስ አባታቸው ሊነግሩ፣ ሐኪሙ መጾም እስኪፈቅድላቸውም እህል ሊቀምሱ ተስማሙ፤ ፊታቸው ባይፈታም።

መናኸሪያ ድረስ ርሆቦት ሸኘቻቸው። ገድሉ ጓዙን ጭኖ ከፊት ተቀመጠ፤ ደህና ሁኚ ያላት ሳያያት ነው። የሻሽወርቅ መስኮቱ አጠገብ ነበረች።

«የሻሽ፣ ይቅር በይኝ» አለቻት።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች የሻሽወርቅ፤ የሚባለውን ነው ያለችው። ከዚያ የአማቷን ጋቢ ታስተካክል ጀመር። አውቶቡሱ ተነሣ። ርሆቦት መንገደኞቹ ሁሉ እስኪበተኑ ድረስ ባዶው ቦታ ላይ ቆማ ቀረች፤ ከቢሮዋ ሥር ባለው መድኃኒት ቤት በር እንዴት ቀና ብላ እንደምታልፍ አታውቅም ነበር።