ልቀቀው

በእህል ማጓጓዣው ጋራዥ እንደሻውን የማያማ ሹፌር አልነበረም። ናፍታ በኩፖን በሚታደልበት በዚያ ዘመን ከሐረር ድሬዳዋ ደርሶ ሲመለስ ከነዳጅ ታንኩ፣ ከሰልባቲዮው፣ የሚተርፈው ናፍታ ብዙ ስለነበር፣ «እሱ እቴ መኪናውን በጸሎት ነው የሚነዳው» ይሉት ነበር።

ጸሎት ሳይሆን ዓይን ነበር። ግመሎች መንገድ ሲያቋርጡ ካየ፣ ደርሶ ፍሬን ላይ ከመቆም ገና ከሩቁ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ያነሣል። መኪናው ቀስ እያለ ይሄዳል፣ ግመሎቹ ያልፋሉ፣ እሱም ሳይቆም ያልፋል። የቆመን መኪና ከነጭነቱ ማስነሣት ነው ናፍታ የሚፈጀው ባይ ነው። ማርሹን በጊዜው ይቀይራል እንጂ ሞተር አያስጮኽም፤ የፍሬን ሸራውም የሌላው ሁለቴ እስኪቀየር ይቆይለታል። ሐረር ፈረስ መጋላ ገበያ ላይ ጨርቅ የሚሸጠው ዓሊዪ እንኳ፣ ለመኪና ጭስ ምሕረት የሌለው ሰው፣ «ወላሂ፣ ጨርቄን የማያጠቁር ያንተ መኪና ብቻ ነው» ብሎ መርቆታል።

በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት መሥሪያ ቤቱ «ኮከብ ሹፌር» የሚል የምስክር ወረቀት ሰጠው። አዳዲስ ሹፌሮችን እንዲያሠለጥንም አዘዘው። ከነሱ መሐል የእትዬ ገላነሽ አንድያ ልጅ አባይነህ ነበር፤ የተነገረውን ሁሉ ማታ ማታ በደብተር የሚጽፍ ትጉ ልጅ።

ልምምዱ በድሬ ጠያራ ሜዳ ላይ ነበር። እንደሻው አጠገቡ ተቀምጦ፣ ከፊት ከብት ወይም ጋሪ ባየ ቁጥር «ልቀቀው! አሁን ልቀቀው!» ይለዋል። አንድ ቀን አባይነህ እግሩን ሲያነሣ ማርሹንም አብሮ ሲያወጣ አየው። ሜዳ ነው፣ ምን ይመጣል፣ ኋላ አርመዋለሁ ብሎ ዝም አለ። ያ «ኋላ» ሳይመጣ ቀረ።

አባይነህ ብቻውን መንዳት በጀመረ በሦስተኛው ሳምንት፣ ማሽላ ጭኖ የደንገጎን ቁልቁለት ሲወርድ መኪናው ተገልብጦበት ሞተ። እንደሻው መኪናውን ለማንሣት ከሄዱት አንዱ ነበር። የፍሬኑ ቃጠሎ ገና ይሸታል። እጁን በተሰበረው መስኮት አስገብቶ የማርሹን ዘንግ ነካ፤ ዘንጉ መሐል ላይ ነበር፣ ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘ፤ ማርሽ አልገባም። ለማንም ምንም ሳይናገር ተመለሰ።

በሣልስቱ፣ ድንኳኑ ውስጥ ሹፌሮቹ ይንሾካሾኩ ነበር። ጫት ሲቅም አድሮ መሪ ላይ አንቀላፍቶ ነው፣ ይላሉ። እትዬ ገላነሽም ሰምተዋል። እንደሻውን ወደ ጓዳ ጠሩትና ደብተሩን ሰጡት።

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ያስተማርከው አንተ ነህ፣ አንብብልኝ።»

ገለጠው። «ጋሼ እንደሻው እንዳሉት» ይላል፣ ጥንቃቄ በተሞላበት የእጅ ጽሑፍ። «ሩቅ ማየት። ፍሬን በድንገት አለመያዝ። ቁልቁለት ላይ ማርሹን መልቀቅ፤ ሞተሩ ሲያርፍ ናፍታ ይተርፋል።»

የመጨረሻውን መዝለል ይችል ነበር። እሳቸው አያውቁም፣ ሌላ ሰውም አያውቅም። ግን ልጁ ቁም ነገር ብሎ የጻፈውን እንዴት ይዝለለው? አነበበው።

«ይኸ ምን ማለት ነው?» አሉ።

«ስሕተት ነው፣ እትዬ። ቁልቁለት ላይ ማርሽ ከገባና እግር ከተነሣ ሞተሩ ናፍታ አይጠጣም፤ ይልቁንም መኪናውን ወደ ኋላ ይዞ ያዘገየዋል። ለዚህ ነው ዳገቱን በወጡበት ማርሽ ውረዱ የሚባለው። ማርሹ ከወጣ ግን ሞተሩም መጠጣቱን አይተውም፣ ያ ሁሉ ጭነትም ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ፍሬኑ ይግላል፣ ይግላል፣ በመጨረሻ መያዝ ያቅተዋል። እኔ ልቀቀው ያልኩት እግሩን ከነዳጁ ላይ እንዲያነሣ ነበር። እሱ ማርሹን መሰለው። ሲያደርገው አይቼ ነበር። ዝም አልኩ።»

እትዬ ገላነሽ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«እንግዲያ አልተኛም ነበር?»

«አልተኛም። አህያ የሚነዳ ሰው ከፊቱ ነበር፤ መኪናውን ልናነሣ ስንሄድ ሰውየው ራሱ ነው የነገረኝ። ጥሩምባ እየነፋ መጣ አለኝ፣ ሊደርስባቸው ሲል መሪውን ወደ ተራራው ጠመዘዘ።»

«ልጄ!» አሉና በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። ከዚያ በእጃቸው ወደ ድንኳኑ አመለከቱ። «በል ውጣ፣ ለነዚያ ንገራቸው። እኔ እንድሰማው ጮክ በል።»

እንደሻው ደብተሩን እንደያዘ ወጣ። ሹፌሮቹ ለኮከቡ ሹፌር ቦታ ሊለቁለት ብድግ አሉ። አልተቀመጠም።

«አባይነህ አልተኛም» አለ። «እኔ እንዳስተማርኩት ነው የነዳው።»