ከማንኪያ የማይፈስ ገንፎ

አያቱ ልጄን ድንቡሼ ይሉታል። ሚዛኑ ግን በዚህ አይስማማም። ስምንት ወር ሲሞላው ጤና ጣቢያ ብወስደው ክብደቱ ከስድስት ወሩ ወዲህ ንቅንቅ አላለም። ሲስተሯ አገላብጣ መረመረችው፤ ሕመም የለውም። ምን እንደሚበላ ጠየቀችኝ።

ልበ ሙሉ ሆኜ መለስኩ። ዝርዝሩን እሷው በስድስት ወሩ ነግራኝ፣ በማታ ትምህርት በተማርኩት ጽሑፍ ጽፌ ኩሽና ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ሲጀምር ሁለት ሦስት ማንኪያ ገንፎ፤ ከሰባት ወር ወዲህ የተፈጨ ድንችና ካሮት፣ ምስር፣ በደንብ የበሰለ እንቁላል፣ ሙዝ፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ግማሽ ግማሽ ብርጭቆ። ጨውና ስኳር የለም፤ ማር ዓመት ሳይሞላው አይነካም። ጡቱም አልተቋረጠም።

«በሁለት ሳምንት ተመለሺ፤ ካልጨመረ ሆስፒታል እልክሻለሁ» አለችኝ።

በማግስቱ የምሠራበት ስፌት ቤት መብራት ጠፋና በምሳ ሰዓት ቤት ገባሁ። የባለቤቴ እናት ጠዋት ሠርቼ የሄድኩት ገንፎ ላይ ሙቅ ውሃ ሲጨምሩ ደረስኩ። ማንኪያውን አንስቼ ዘንበል ባደርገው እንደ ሻይ ፈሰሰ።

ተናደድኩ፤ ግን ቀን ሙሉ ልጄን የሚይዙልኝ እሳቸው ናቸው። ለምን እንደሚያቀጥኑት ብጠይቃቸው፣ ቢታነቅብኝ ብቻዬን ምን እሆናለሁ አሉኝ። የበኩር ልጃቸው በሕፃንነቱ በቁራሽ ታንቆ በእጃቸው ላይ ሰማያዊ ሆኖ ነበርና ፍርሃታቸው ከዚያ የመጣ ነው።

«እማዬ፣ ሆዱ እኮ የእጁን ጭብጥ ነው የምታክለው» አልኳቸው። «በውሃ ከሞላናት ምግቡ የት ይግባ?»

ድንችና ምስሩን አንድም ጓል እስከማይቀርበት ድረስ ፈጨሁ፣ ጠብታ ዘይት ጨመርኩ። ማንኪያውን ዘንበል ሳደርገው ምግቡ እዚያው ተቀመጠ። ልጁን ቀጥ አድርጌ አስቀምጬ በማንኪያ ጫፍ ሰጠሁት። አንዴ ፊቱን አጨማደደ፣ አቅለሸለሸው፤ እማዬ ክንዴን ጨበጡኝ። እሱ ግን በምላሱ አገላብጦ ዋጠና አፉን ከፈተ። ከግማሽ ብርጭቆው የተረፈው አንድ ማንኪያ ነው።

«ይኼ ሆዳም በውሃ ስሸነግለው ምነው ዝም አለኝ?» አሉ እማዬ።

በሁለት ሳምንቱ አብረውኝ ሄዱ። ሦስት መቶ ግራም ጨምሯል። ሲስተሯ ሆስፒታል መላኩን ተወችውና፣ ከዘጠኝ ወሩ ጀምሮ ፈጭተን ሳይሆን በደቃቁ ከትፈን፣ በቀን እስከ አራት ጊዜ እንድንሰጠው፣ በዓመቱ ከእኛ ማዕድ እንዲካፈል ነገረችን።

«በሁለት ጥርስ?» አሉ እማዬ።

«ድዱ ጠንካራ ነው፤ ለስላሳ እስኪሆን ቀቅሉለት» አለች።

እማዬ መንገድ ሙሉ ሲያጉረመርሙ መጡ። ቤት እንደገባን ግን ካሮት አውጥተው፣ እንዴት አድርገው ቢከትፉት እንደማያንቀው እንዳሳያቸው ጠየቁኝ።