የማይወርደው ውሃ

ውሃው መውረዱን ሲያቆም ደስ ያላላት ስዮምቡዋ ብቻ ነበረች።

ጉድጓዱን ልትፈትሽ ከኪቱዪ ከተማ የመጣች ባለሙያ ናት። መለኪያ ሽቦዋን ቁልቁል ትሰደዋለች፤ ጫፉ ውሃ ሲነካ መጠቅለያው ሲጥ ይላል፤ ታነባለች። መሳብ ሳንጀምር ውሃው ሠላሳ አንድ ሜትር ላይ ተኝቶ ነበር። በሰከንድ ሁለት ሊትር ስንስበው ወረደ፣ ወረደ፣ አርባ ዘጠኝ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። ጄኔሬተሩን የማንቀሳቅሰው እኔ ነኝ፤ አጠገቡ ተቀምጬ፣ በዓለቱ ስንጥቅ ውስጥ በጨለማ እየተሽሎከለከ የሚመጣውን ውሃ በሐሳቤ እከተል ነበር። ከየት ይመጣል? ማንስ ላከው?

የውሃ ኮሚቴው ሊቀመንበር አጎቴ ኪቩቫ እንዲህ ያለ ሐሳብ አያውቅም። የጎረቤታችን የካቩምቡ መንደር ሰዎች ጉድጓድ ስለደረቀ ከነከብቶቻቸው እኛ ዘንድ እንዲመጡ ቃል ሰጥቷቸዋል። መንገድ ጀምረዋል። ውሃው ለሁለቱም መንደር ካልበቃ ማን እንደሚጠማ፣ ማንስ ዱላ እንደሚያነሳ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ፓምፑ ስልሳ ሜትር ላይ ይሰቀልና ሁለት ሊትሩን ይሳብ አለ። ውሃው ከቆመበት በታች አሥራ አንድ ሜትር ትርፍ አለ፤ ምን ያስፈራል?

ስዮምቡዋ የውሃ መውጫውን ቱቦ ተከትላ ሄደች። ስትመጣ የዘረጋችው ከኮረብታው ማዶ፣ እስከ ሸለቆው ድረስ ነበር። አሁን ግን ከግራሩ ሥር፣ ከጉድጓዱ ድንጋይ ቢወረወር በሚደርስበት ቦታ፣ አዲስ ኩሬ ውስጥ ይንፎለፎላል። በእኛ አገር ውሃ ሲፈስ ቆሞ የሚያይ ሰው ልጁን ቢጥል ይሻለዋል፤ ስለዚህ መንደሩ ተባብሮ ኩሬ ቆፍሮ ቱቦውን መልሶ ስቦት ነበር። ፍየሎች ይጠጣሉ፣ ሴቶች ጀሪካን ይሞላሉ።

ስዮምቡዋ ኩሬው ዳር እንጨት ተክላ ጠበቀች። ቱቦው ያለማቋረጥ ይተፋል፤ ኩሬው ግን ከፍ አይልም።

"ይሄ ሁሉ ውሃ የት ነው የሚገባው?" አለች።

"ምድር ጠጣችው። እሷስ አይጠማትም እንዴ?" አሉ አሮጊቷ ካሉንዴ፤ ሴቶቹ ሳቁ።

እሷ አልሳቀችም። "ምድር አይደለችም እማማ፣ ጉድጓዱ ነው የጠጣው። ከታች የሳብነውን ከላይ መልሳችሁ እያጠጣችሁት ነው። ለዚህ ነው የማይወርደው።"

ጭቅጭቁ ረጅም ነበር። አጎቴ ከተማ ያደገ ሰው ውሃ ማፍሰስ እንደማይከብደው ተናገረ፤ አንዱ ደግሞ ጉድጓዱ ከእሷ ይልቅ እንደሚያዝንልን። በመጨረሻ ኩሬው ዳሩ ተቀዶ ደረቀ፣ ቱቦው ሸለቆው ድረስ ተመለሰ፤ ጄኔሬተሩን አስነሳሁ።

ሽቦው አርባ ዘጠኝን አለፈ። ሃምሳ አምስት። ቆፋሪዎቹ ዋናውን ውሃ ያገኙበት ስንጥቅ ሃምሳ ስምንት ላይ ነው፤ ውሃው ከእሱ በታች ሲወርድ አወራረዱ ተለወጠ፤ መሬት የከዳው ሰው ይመስል ተፈጠፈጠ። ስዮምቡዋ ሽቦውን መልቀቅ እንጂ ማንበብ አልደረሰላትም። እጇን አነሳች፤ አጠፋሁት።

ሁላችንም ውሃው እስኪመለስ ጠበቅን። አርባ ሜትር ድረስ ወጣና ደከመው። በማግስቱም እዚያው አካባቢ ነበር፤ ወደ ሠላሳ አንዱ አልተመለሰም።

"የጎደለውን የሚሞላለት ጎረቤት የለውም" አለች ስዮምቡዋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ከዚያ በሰከንድ ግማሽ ሊትር ብቻ እየሳበች ደግማ ፈተነችው። ውሃው እያዘገመ ወረደ እንጂ ስንጥቁን አላለፈም። ፓምፑን ሰባ ሁለት ላይ እሰቅለዋለሁ አለች፤ ከበታቹ፣ ሰማንያ አራት ላይ፣ ሌላ ትንሽ ስንጥቅ አለ፤ ከእሱ የሚወጣው ውሃ በፓምፑ ሞተር ጎን እያለፈ ያቀዘቅዘዋል፤ በበጋው ማብቂያ ውሃው ዝቅ ቢልም ፓምፑ ባዶ አይቀርም። ግማሹ ሊትር ለእኛና ለከብቶቻችን ይበቃል። ለሌላ ሰው የለም።

አጎቴ ራቅ አድርጎ አነጋገራት፤ እኔ ግን ሰማሁ። "ልጄ፣ ሰባ ሁለቱ ላይ ስቀይው። ብቻ ሁለት ሊትር ይሳብ። ዝናብ እስኪመጣ ነው።"

"ፓምፕ ማውረድ ውሃ አይወልድም ጋሼ። ስንጥቁ ይራቆታል፣ ፓምፑ አየር ይስባል፣ ሞተሩ ይቃጠላል። ያኔ የሚጠማው እነሱ ብቻ አይሆኑም።"

"ታዲያ ምን ልበላቸው?"

ወደ ኮረብታው ተመለከተች። የከብቶቻቸው አቧራ ተነስቶ ነበር።

አጎቴ በትሩን አንስቶ ና አለኝ። ወጣን። የካቩምቡን ሰዎች ከፊት የሚመሩት ሽማግሌ ከሩቅ እጃቸውን አነሱ፣ ፊታቸው በአቧራ ነጥቷል፣ ፈገግ ብለዋል። "ኪቩቫ፣ ውሃው እንዴት አደረ?" አሉ።

አጎቴ አፉን ከፈተ። ከብቶቹ ግን ውሃውን አሽትተው ኖሮ አፋቸውን አሹለው በግራና በቀኛችን አልፈውን ወደ ጉድጓዱ ሮጡ።